አስተማማኝ ፀጉር አስተካካይ ለመቅጠር፦ የማስታወቂያና የቃለ መጠይቅ አማራጮች ሲነጻጸሩ

«ልምድ ያለው የወንዶች ፀጉር ባለሙያ እንፈልጋለን፤ ደመወዝ በስምምነት» የሚለውን ወረቀት እኔም ጅማ መርካቶ አካባቢ በነበረው ባለ ሦስት ወንበር ቤቴ መስታወት ላይ ለጥፌ አውቃለሁ። በአምስት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ሰው ደወለ፤ አሥራ አራቱም መጀመሪያ የጠየቁት «ስንት ነው የምትከፍለው?» ብለው ነበር። ከስንት ድርድር በኋላ የቀጠርኩት ልጅ እጁ ግሩም ነበር፤ ፌዱ፣ ማለትም ከታች ሳስቶ ወደ ላይ እየወፈረ የሚሄደው ቁርጥ፣ መጋጠሚያው አይታወቅም። ነገር ግን በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀናት ከረፋዱ 4፡00 በፊት ታይቶ አያውቅም፣ የኢድ ዋዜማ ዕለት ደግሞ አግዳሚው በደንበኛ ሞልቶ ሳለ ስልኩን አጥፍቶ ቀረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእኔ ሁለት መንገድ አልፎ በሌላ ቤት ሲሠራ አገኘሁት፤ የወሰዳቸው ደንበኞች የስልክ ቁጥርም ከመጀመሪያው ጀምሮ በራሱ ስልክ ተመዝግቦ እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በወቅቱ ልጁን ብቻ ወቀስኩ። ማስታወቂያውን መልሼ ባነበብኩት ጊዜ ግን ስለ መግቢያ ሰዓት፣ ስለ በዓል ዋዜማ፣ ስለ ደንበኛ ስልክ አንዲት ቃል አልነበረበትም። በቃለ መጠይቁም የጠየቅሁት «ሰዓት ታከብራለህ ወይ?» ብዬ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ «አላከብርም» ብሎ የመለሰ አመልካች ደግሞ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው አማራጮች ሁሉ የሚመዘኑት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጥሩ እጅ ያለውን ሰው በመሳባቸው ሳይሆን፣ ቀጠሮውን የሚያከብረውን ከማያከብረው ገና ሳይቀጠር ለመለየት በመርዳታቸው ነው። ጉዳዩን በወንዶች ፀጉር ቤት በኩል አየዋለሁ፤ የጥፍር ባለሙያ ቅጥር የሚለይበትን ነጥብ ወደ መጨረሻው አነሳለሁ።

አጭር ማስታወቂያ ወይስ ዝርዝር ማስታወቂያ

አጭሩ ማስታወቂያ ብዙ ሰው ያመጣል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው ነው። ማንንም ስለማይከለክል የማጣራቱ ሥራ በሙሉ በአሠሪው ስልክ ላይ ይወድቃል፣ አሠሪውም ቶንዶስ ይዞ ደንበኛ ፊት ቆሞ ስለሚያነጋግር የሚጠይቀው ደመወዝንና የሚጀመርበትን ቀን ብቻ ይሆናል። እርስዎ ራስዎ ከጎን ወንበር የሚሠሩና ረዳት ሆኖ የሚለምድ ወጣት የሚፈልጉ ከሆነ አጭሩ ይበቃዎታል። ወንበሩን አስረክበው ሌላ ሥራ ላይ መዋል ከፈለጉ ግን ዝርዝሩ ይሻላል። አሁን የምጠቀምበት ይህን ይመስላል፦

«የወንዶች ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ሰው። ቦታ፦ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ። ሥራው፦ የአዋቂና የሕፃናት ፀጉር በቶንዶስና በመቀስ መቁረጥ፣ ፌድ፣ ጺም ማስተካከል። ቢያንስ ሁለት ዓመት ደንበኛ ላይ የሠራ። ሰዓት፦ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ ምሽቱ 1፡00፣ በመሃል ሁለት ሰዓት ዕረፍት፤ ሰኞ ዝግ ነው። በረመዳን ከቀኑ 8፡00 እስከ ምሽቱ 4፡00፣ ለማፍጠሪያ አንድ ሰዓት ዕረፍት አለ። የበዓል ዋዜማ የሥራ ቀን ነው፤ ትርፍ ሰዓት በሕጉ መሠረት ይከፈላል። ክፍያ፦ 6,000 ብር መነሻ ደመወዝና ከሠሩት ገቢ 20 በመቶ። መሣሪያ ከቤቱ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ እንጠቀማለን። የቀጠሮ ስልክ የቤቱ ነው። ለማመልከት፦ በቅርቡ የሠሯቸውን የሁለት ፀጉር ፎቶዎች፣ የመጨረሻ አሠሪዎን ስልክና ሥራ መጀመር የሚችሉበትን ቀን በቴሌግራም ይላኩ፤ ወይም ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 4፡00 በአካል ይምጡ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሦስት መስመሮች ከሌሎቹ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው የሰዓቱ መስመር ነው። ከ3፡00 እስከ 1፡00 ያለው አሥር ሰዓት ሁለቱ የዕረፍት ሰዓት ሲቀነሱ ስምንት ይሆናል፤ በስድስት ቀን ደግሞ 48 ሰዓት፤ ይህም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመደበኛ ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው። በጅማ የረመዳኑን ሰዓት ለይቶ አለመጻፍ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ቀን ላይ ወንበሩ ባዶ ይውላል፣ ከአፍጥር በኋላ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ለኢድ ጥቂት ቀን ሲቀር ሌሊቱም አይበቃም። ይህን አስቀድሞ ያላነበበ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት «እንዲህ አልተባባልንም» ቢል እውነት አለው።

ሁለተኛው የቀጠሮ ስልኩ መስመር ነው። አንዲት ርካሽ ስልክ ገዝቶ ከቤቱ ሳትወጣ እንድትቀመጥ ማድረግና ደንበኛው በእሷ እንዲደውል ማስለመድ፣ ሠራተኛው በሄደ ማግስት ከመለማመጥ ያድናል። ማስታወቂያው ላይ መጻፉ ደግሞ በራሱ ስልክ ደንበኛ ሊያሰባስብ ያሰበውን ሰው ከመነሻው ያርቀዋል። በራሱ ደንበኛ የሚኮራ ጎበዝ ባለሙያም በዚህ ምክንያት ሊቀር እንደሚችል አልክድም። እንዲህ ያለው ሰው ግን ወንበር ቢከራይ ይሻለዋል፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሦስተኛው የማመልከቻው መስመር ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ፈተና ነው። ሦስት ነገር ጠይቀን አንዱን ብቻ የላከ ሰው «በጎኑ ትንሽ ይውረድ፣ ከላይ አትንካው፣ ጺሙን አሹለው» የሚል ደንበኛ ሲመጣም ከሦስቱ አንዱን እንዳይረሳ ያሰጋል። ነገር ግን ጎበዝ እጅ ኖሮት ጽሑፍ የሚከብደው አለ፤ በአካል መምጣት የተፈቀደው ለእሱ ነው፤ የሰዓቱ ገደብም በተባለው ሰዓት መምጣት አለመምጣቱን ያሳያል። ወረቀቱን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም ጎን ለጎን ቢለጥፉ ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሰርቦ የሚመጣው ወጣት አንብቦ ይረዳዋል፤ ደንበኛውም በሁለቱም ቋንቋ ስለሚናገር ሁለቱንም የሚሰማ ሠራተኛ ይጠቅማል።

«መልከ መልካም»፣ «ቁመናው ያማረ» የሚለውን አይጻፉ። ሰው ከማሳፈር አልፎ ስለ ሥራው ምንም አይነግርም፤ ሕጉም በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት ወይም ከኤችአይቪ ጋር በተያያዘ ሠራተኛን ማበላለጥን ይከለክላል።

የክፍያው መስመር ማንን ይጠራል?

በከተማችን ፀጉር ቤቶች ከሚሠራባቸው ክፍያዎች ዋነኞቹ አራት ናቸው፤ ወርሃዊ ደመወዝ፣ እኩል ለእኩል መካፈል፣ መነሻ ደመወዝ ከፐርሰንት ጋር፣ እና ወንበር ማከራየት። ልዩነታቸው ጎልቶ እንዲታይ ለስሌት ያህል አንድ ቁርጥ 150 ብር፣ ወሩን ደግሞ 26 የሥራ ቀን እንበል። በቀን አምስት ሰው የሚስተናገድበት ቀዝቃዛ ወር 19,500 ብር፣ በቀን አሥር ሰው የሚስተናገድበት ሞቅ ያለ ወር 39,000 ብር ያስገባል።

በ12,000 ብር ቋሚ ደመወዝ የተቀጠረ ሰው በሁለቱም ወር ያው 12,000 ያገኛል። እኩል የሚካፈለው በቀዝቃዛው 9,750፣ በሞቃቱ 19,500 ይወስዳል። መነሻው 6,000 ሆኖ 20 በመቶ የሚጨመርለት በቀዝቃዛው 9,900፣ በሞቃቱ 13,800 ያገኛል። ወንበሩን በቀን 400 ብር የተከራየው 10,400 ከፍሎ በቀዝቃዛው ወር 9,100፣ በሞቃቱ 28,600 ብር ይተርፈዋል።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት ማን እንደሚያመለክትና ከተቀጠረ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ነው። ቋሚ ደመወዝ ሰዓት የሚያከብር ነገር ግን የማይቸኩል ሰው ይስባል፤ ምሽት 12፡30 ላይ ደንበኛ ሲገባ «ዘግተናል» ማለት የሚቀናው እሱን ነው። እኩል መካፈል ፈጣን እጅ ይስባል፤ ችግሩ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው፣ ረመዳን ሲገባ ወይም ተማሪው ለዕረፍት ከተማውን ሲለቅ ገቢው በአንድ ጊዜ ስለሚያሽቆለቁል ሠራተኛው ሌላ ቤት ማየት ይጀምራል። ሁለተኛው ወረፋ በሚበዛበት ቀን የሚታየው ነው፤ በሁለት ደንበኛ መካከል ቶንዶስ ለማጽዳት የሚጠፋው አምስት ደቂቃ ከራሱ ኪስ የሚቀነስ ስለሚመስለው ይዘለዋል። ስለ ንጽሕና ምንም ያህል ቢመከር ክፍያው በተቃራኒው እየገፋው ነው።

ወንበር የተከራየው ሰው ሠራተኛዎ አይደለም፤ ተከራይዎ ነው። በፈለገው ሰዓት ገብቶ ቢወጣ፣ ሰኞ ቢሠራ ማክሰኞ ቢተኛ፣ ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ ሊጠይቁት አይችሉም። ስለዚህ «አስተማማኝ ሠራተኛ» የሚፈልግ ሰው ወንበር እያከራየ ሰዓት ሊያስከብር ሲሞክር ሁለቱንም ያጣል። የራሱ ደንበኛ ላለውና ስልኩን ለማይለቅ ባለሙያ ግን ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ ያን ጊዜ ማስታወቂያው «የፀጉር ወንበር በኪራይ» ይባል እንጂ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» አይባል።

የእኔ ምርጫ መነሻ ከፐርሰንት ጋር ነው፤ መነሻው ቀዝቃዛውን ወር ያሻግራል፣ ፐርሰንቱ ደግሞ የምሽት 12፡30ውን ደንበኛ ያስተናግዳል። ጉድለቱ በሞቃት ወር ይታያል፤ እኩል ከሚካፈለው 5,700 ብር ያነሰ ስለሚሆን ጎበዙ ይከፋዋል። ይህን ለማስተካከል ከ30,000 ብር በላይ ለሚገባው ገንዘብ ፐርሰንቱን ወደ 40 ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ በዚህ ስሌት 39,000 ያስገባው ሰው 15,600 ብር ያገኛል። የትኛውንም ይምረጡ፣ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። «በስምምነት» የሚለው ቃል የሚጠቅመው ለተደራዳሪ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ አስተካካይ ነው።

የት ይለጠፍ ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሰፈር ያለውን ሰው ያመጣል፤ ክረምት ላይ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ በእግሩ የሚመጣ ሠራተኛ ባጃጅ ከሚጠብቀው ይሻላል። ቴሌግራም ሩቅ ይደርሳል፣ ፎቶም ያስልካል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የብቃት ምዘና ያለፈ ሰው ያገናኛል፤ ነገር ግን የምስክር ወረቀቱ የሚያሳየው መሠረቱን ማወቁን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም። ደላላ ቶሎ ያመጣል፤ ሠራተኛው ቦታ በቀየረ ቁጥር አዲስ ክፍያ ስለሚያገኝ ግን ሰውዬው እርስዎ ዘንድ እንዲቆይ የሚጓጓበት ምክንያት የለውም።

«ምን ታደርጋለህ?» ወይስ «ምን አደረግህ?»

የቃለ መጠይቅ ጥያቄ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ስለ ወደፊቱ የሚጠይቅ ነው፤ «ደንበኛ ቢቆጣ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ዓይነት። ለዚህ ሁሉም ሰው «በትሕትና አስረዳዋለሁ» ይላል። ሌላው ስላለፈ ነገር የሚጠይቅ ነው፤ «ለመጨረሻ ጊዜ ደንበኛ ፀጉሩን ሳይወድ የተነሣው መቼ ነው? ምን ነበር የተፈጠረው?» የሚለው። ሁለተኛው ቀን፣ ሰው፣ ዝርዝር ይጠይቃል፤ ፈጥሮ ለመናገር ይከብዳል። «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም» የሚል የሁለት ዓመት ባለሙያ ካለ ወይ ብዙ ሰው አልቆረጠም፣ ወይ ስሕተቱን አይቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ አንድ አመልካች «የአንድ ሽማግሌ ጺም አንዱ ጎን ከሌላው አጠረብኝ፤ ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ በሳምንቱ በነጻ አስተካከልኩላቸው፣ አሁንም ደንበኛዬ ናቸው» አለኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ትሕትናው የምጠይቀው አልቀረኝም።

ስለ ሰዓት ስጠይቅም እንዲሁ ነው፤ «ባለፈው ወር ስንት ቀን አረፈድክ? የመጨረሻው ቀን ምን ይዞህ ነበር? ለአሠሪህ በስንት ሰዓት ደወልክ?» እላለሁ። ማርፈዱ ብቻውን አያስፈራኝም፤ የምሰማው የመጨረሻውን መልስ ነው። አንዱ «ከመክፈቻው በፊት ደወልኩ፣ የ3፡00ውን ደንበኛ ሌላው ወንበር ላይ እንዲያስቀምጡት ነገርኳቸው» ሲል፣ ሌላው «ስደርስ ነገርኩት» ይላል። ልዩነታቸው ይህ ነው። ለምን ሥራ እንደለቀቀ ሲጠየቅ ያለፉትን አሠሪዎች ሁሉ የሚያማ ሰውም አለ፤ ስለ አንዱ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱንም ሲያማ ግን ልብ ይበሉ።

የመብራት ጥያቄም አለኝ፤ «ግማሹን ቆርጠህ መብራት ሲጠፋብህ ለመጨረሻ ጊዜ ምን አደረግህ?» ቻርጅ የሚደረግ ቶንዶስ ማታ ማታ ቻርጅ አድርጎ የሚያድር፣ ወይም በመቀስና በማበጠሪያ የሚጨርስ ሰው ይህን በኩራት ይነግርዎታል። «እስኪመጣ ጠበቅን» የሚለው መቀስ እንደማይችል በዚያው ነገረዎት።

በጣም የምቆይበት ግን የንጽሕናው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ስንፍና መጀመሪያ የሚታየው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ቶንዶስ አስይዤው «የአንዱን ሰው ጨርሰሃል፣ ቀጣዩ ሊቀመጥ ነው፤ አሁን የምታደርገውን እያደረግህ አሳየኝ» እላለሁ። ጥሩው መልስ በእጅ የሚታይ ነው፤ ቶንዶሱን ያጠፋል፣ በጥርሱ መካከል የገባውን ፀጉር በብሩሽ ያራግፋል፣ 70 በመቶ የሆነ አልኮል ይረጭበታል፣ እስኪደርቅ ይተወዋል፣ ከዚያ ዘይት ጠብ ያደርግበታል። ፀጉሩ ሳይራገፍ አልኮል መርጨት ብዙም አይጠቅምም፤ አልኮሉ የሚያርፈው ፀጉሩና ቅባቱ ላይ እንጂ ብረቱ ላይ አይደለም። ምላጩን ደንበኛው እያየ ከወረቀቱ አውጥቶ ይሰካል፣ ሲጨርስ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይጥለዋል። የጉበት ቫይረስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይሞት መቆየት ስለሚችል «ጠርጌዋለሁ» የሚል መልስ ለምላጭ አይሠራም።

ብዙ አመልካች በዚህ ጥያቄ የሚወድቀው ሰማያዊ መብራት ያለውን ሳጥን ሲጠቁም ነው፤ «እዚያ አስቀምጠዋለሁ፣ ይገድለዋል» ይላል። መብራቱ ያልጸዳ መሣሪያን አያጸዳም፤ ብርሃኑ የማይደርስበት የጥርሱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ሳጥኑ የጸዳ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ይህን ባለማወቁ ብቻ ሰው አልጥልም፤ በአንድ ቀን ይማረዋል። ካስረዳሁት በኋላ ግን «ሌላ ቤት ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» ብሎ ከተከራከረ ማስታወሻዬ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሁለት አመልካቾች፣ አንድ ወንበር

ከቃለ መጠይቅና ከሙከራ ቀን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሙከራውን እመርጣለሁ። የሙከራው ቀን ይከፈልበት፤ በነጻ የሚሠራ ሰው እንደ እንግዳ ይጠነቀቃል፣ የሚከፈለው እንደ ሠራተኛ ይሠራል፤ እኔ ማየት የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። ሦስት ራስ አዘጋጃለሁ፤ ፌድ የሚፈልግ ወጣት፣ ጺማቸውን የሚያስተካክሉ አባት፣ እና የማይቀመጥ ሕፃን።

ባለፈው ዙር የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው አዲስ አበባ ስምንት ዓመት የሠራ፣ ሁለተኛው አጋሮ ሦስት ዓመት የሠራ ወጣት። አንደኛው ፌዱን በ20 ደቂቃ ጨርሶ መስታወት ሲያሳይ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ከዚያ ቶንዶሱን ጭኑ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ወደ አባት ዞረ። አባትን ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቃቸውም፤ የላይኛውን ከንፈር ፀጉር አሳጥረው የታችኛውን ጺም የሚያሳድጉ ሰው ነበሩ፣ እሱ ግን ሁለቱንም አስተካክሎ አሳጠረባቸው። ጅማ ውስጥ ይህ ተራ ስሕተት አይደለም፤ ጺማቸውን በሃይማኖት ምክንያት የሚያሳድጉ ደንበኞች ብዙ ናቸው፣ መጠየቅ የሥራው መጀመሪያ ነው።

የአጋሮው ልጅ ፌዱ ላይ 45 ደቂቃ ፈጀ፤ መጋጠሚያውም ከጆሮ በላይ በትንሹ ይታይ ነበር። አባትን ግን ጨርቁን ሳያለብሳቸው በፊት «የላዩ ብቻ ይነካ ወይስ የታቹም?» ብሎ በአፋን ኦሮሞ ጠየቃቸው። ሕፃኑ ሲቀመጥ ፀጉሩን በጣቱ ከፈል ከፈል አድርጎ አየ፤ ከኋላ በኩል ፀጉሩ የተበላ፣ ቅርፊት ያለው ክብ ነገር ሲያገኝ እናቱ ፊት ምንም ሳይል ወደ እኔ መጣና «ቆረቆር ይመስላል፣ በዚህ ማሽን ብነካው ለሌላው ይተላለፋል፤ መጀመሪያ ሐኪም ቢያየው አይሻልም?» አለኝ።

እኔ የምሰጠው ነጥብ በአምስት ነገር ከዜሮ እስከ ሁለት ነው፤ የቁርጡ ጥራት፣ ፍጥነት፣ ንጽሕና፣ ደንበኛን መጠየቅ፣ በተባለው ሰዓት መድረስ። አንደኛው ለጥራት 2፣ ለፍጥነት 2፣ ለንጽሕና 0፣ ለመጠየቅ 0፣ ለሰዓት 1 አገኘ፤ ድምሩ 5። ሁለተኛው 1፣ 0፣ 2፣ 2፣ 2፤ ድምሩ 7። ድምሩ ተቃራኒ ቢሆንም እንኳ ንጽሕና ላይ ዜሮ ያገኘን ሰው አልቀጥርም ነበር፤ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፌድም በልምምድ ይጠራል። ልጁ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ፌዱን በ30 ደቂቃ ያደርስ ነበር።

የጥፍር ባለሙያ ሲሆን

የጥፍር ባለሙያ ማስታወቂያ ላይ «ማኒኪር፣ ፔዲኪር፣ ጄል» ብሎ መዘርዘር አይበቃም፤ ጄል መቀባት የሚችል ብዙ ነው፣ ማንሣት የሚችል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው «ጄል መሥራትና ማንሣት» ይበል፤ የቃለ መጠይቁም ዋና ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «ሌላ ቤት የተሠራ ጄል ያላት ደንበኛ ብትመጣ እንዴት ታነሽዋለሽ?» ሥራውን የምታውቅ ባለሙያ የላይኛውን አብረቅራቂ ሽፋን በሞረድ እንደምታሳሳ፣ አሴቶን የነካ ጥጥ አድርጋ በፎይል እንደምትጠቀልል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንደምትጠብቅና በእንጨት በቀስታ እንደምትገፋው፣ እምቢ ካለም መልሳ እንደምትጠቀልለው ትነግርዎታለች። «በብረቱ ፈንቅዬ አነሣዋለሁ» ካለች ከጄሉ ጋር የደንበኛዋን ጥፍር ድርብም ታነሣለች፤ ጥፍሩ እየሳሳ፣ ውሃ ሲነካው እያመመ ይከርማል።

ሁለተኛው ጥያቄ እምቢ ማለት መቻሏን ይፈትናል፤ «ጥፍሯ ሥር አረንጓዴ ነገር ያየሽባት ደንበኛ ለሠርግ ነው ብላ ብትለምንሽስ?» ይህ ብዙ ጊዜ ከጄሉ ሥር እርጥበት ተይዞ የሚመጣ ባክቴሪያ ነው፤ ሸፍኖ መቀባት ያባብሰዋል። በጅማ ደግሞ ለሶላት ውዱ የሚያደርጉ ብዙ ሴቶች ቀለሙ ውሃ ከጥፍር እንዳይደርስ ስለሚከለክል ጥፍራቸው ጸድቶ ተሞርዶ ሂና ብቻ እንዲደረግላቸው ይፈልጋሉ። ክፍያዋ በፐርሰንት ብቻ የሆነ ባለሙያ እነዚህን ደንበኞች ትንሽ ገንዘብ የሚያስገቡ አድርጋ እንዳታይ መነሻ ደመወዙ እዚህ የበለጠ አስፈላጊ ነው።

ዋስ ወይስ ስልክ፣ ቃል ወይስ ወረቀት

ብዙ አሠሪ የሰው ዋስ ይጠይቃል። ዋስ ቶንዶስ ቢጠፋ ዋጋውን ያስገኛል፤ ሠራተኛውን ግን ጠዋት 3፡00 ላይ አያመጣውም። ለዚህ የሚሻለው ለቀድሞው አሠሪ መደወል ነው። «እንዴት ነበር?» ቢሉት «ጥሩ ልጅ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። «ወንበር ክፍት ቢሆንልህ መልሰህ ትቀጥረዋለህ?» ይበሉት፤ ከመልሱ ይልቅ ከመልሱ በፊት ያለውን ዝምታ ያዳምጡ። አሠሪው የተጣላውን ሠራተኛ ስም ሊያጠፋም ይችላልና፣ ሠራተኛው የሥራ ዓይነቱን፣ ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የአገልግሎት የምስክር ወረቀት በነጻ የማግኘት መብት እንዳለው አውቀው እሱንም ይጠይቁ።

ስለ ሙከራ ጊዜ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በራሱ የሚመጣ ሲመስለን ነው። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ማለት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ካልተስማማችሁበት የለም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ለሰበረው መስታወት ከደመወዙ የሚቆረጥ ካለ የጽሑፍ ፈቃዱ ይኑር፤ ቁራጩም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይለፍ።

የማስታወቂያውን ወረቀት አልጥለውም፤ ከውሉ ጋር አያይዤ እናስፈርማለን፣ ሰዓቱም የቀጠሮ ስልኩም እዚያው ስላለ። በሩ አጠገብ ደግሞ የመግቢያ ሰዓት የሚፈረምበት ደብተር በገመድ ታስሮ ተሰቅሏል። ሕጉ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት የሚፈቅደው በጽሑፍ እየተነገረው ከሆነ ነው፤ በቃል የተቆጡት ቁጣ አይቆጠርም። የአጋሮው ልጅ ስም አጠገብ እስከ አሁን ሁለት መዘግየት ተጽፏል፤ በሁለቱም ቀን ጎኑ ላይ «2፡40 ላይ ደውሏል» የሚል አለ።